እሳቱን የለኮሰው ሰው ቀድሞ ለእኛ ነገረን

ድዋይት ሽሩት እጁ ላይ ሲጋራ አለ። ዙሪያውን የሚሰማው ሰው እንደሌለ ካረጋገጠ በኋላ ለካሜራው ያወራል። ባለፈው ሳምንት ለመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ስለ እሳት አደጋ ገለጻ ሰጥቶ ነበር፤ ጆሮ የሰጠው የለም። ጥፋቱን ግን በራሱ ላይ ያደርጋል። ፓወርፖይንት ተጠቅሞ ነበርና። ፓወርፖይንት ደባሪ ነው። ሰው በብዙ መንገድ ይማራል፣ ከሁሉም የሚበልጠው አስተማሪ ግን ልምድ ነው። ይህን ካለ በኋላ ዛሬ ማጨስ የሰው ሕይወት ሊያድን ነው ይለንና ወረቀት የሞላበትን ቆሻሻ መጣያ ይለኩሰዋል።

ቀጥሎ ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች «ዘ ኦፊስ» የተባለው የአሜሪካ ሲትኮም፣ ማለትም አስቂኝ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ፣ ካሳያቸው ሁሉ በጣም የተወራላቸው ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በሮቹ አይከፈቱም። ጭሱ ይገባል። ሰዎቹ ያብዳሉ። እኔ እነዚህን ደቂቃዎች ስንት ጊዜ እንዳየኋቸው አላውቅም፤ አንዴ ድምፁን ዘግቼ አይቻቸዋለሁ። ያኔ ነው አንድ ነገር የገባኝ። ትርምሱ ብቻውን ያን ያህል አያስቅም። የሚያስቀው፣ ከትርምሱ በፊት አንድ ሰው ለእኛ ብቻ ሹክ ስላለን ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። «ዘ ኦፊስ» ሞኪዩመንተሪ ነው፤ ሞኪዩመንተሪ ማለት የውሸት ዶክመንተሪ ነው። ታሪኩ ተጽፏል፣ ሰዎቹ ተዋንያን ናቸው፤ ነገር ግን አንድ የዶክመንተሪ ቡድን እየተከተለ የቀረጻቸው ይመስላል። ሪኪ ጀርቬይስ እና ስቲቨን መርቻንት የሠሩት የመጀመሪያው «ዘ ኦፊስ» በ2001 በእንግሊዝ ቢቢሲ ላይ ወጣ። ግሬግ ዳንኤልስ ለአሜሪካ አድርጎ ያሰናዳው ደግሞ ከ2005 እስከ 2013 በኤንቢሲ ታየ። ቦታው ፔንሲልቬንያ ውስጥ ስክራንተን ከተማ ያለ ወረቀት የሚሸጥ ድርጅት ቅርንጫፍ ነው። አለቃው ማይክል ስኮት ይባላል። ድዋይት ከሻጮቹ አንዱ ሲሆን፣ ለሕግና ለጥንቃቄ ያለው ፍቅር ከጤነኛ ሰው ያለፈ ነው።

መሣሪያዎቹ በዋናነት ሁለት ናቸው። አንደኛው በባለሙያዎቹ ዘንድ «ቶኪንግ ሄድ» የሚባለው ነው፤ አንድ ሰው ከሌሎቹ ተነጥሎ ለካሜራው የሚሰጠው ቃል። ሁለተኛው በእጅ የተያዘ ካሜራ ነው፤ ሰዎቹን እየተከተለ የሚሄድ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ አንዳንዴም የሚዘገይ። የተቀዳ ሳቅ የለም። የት ላይ መሳቅ እንዳለብን የሚነግረን ድምፅ ስለሌለ ሥራው በሙሉ የወደቀው በእነዚህ በሁለቱ ላይ ነው።

ወደ እሳቱ እንመለስ። እሳቱ ያለበት የተከታታዩ ክፍል «የጭንቀት ማስታገሻ» እንደማለት ያለ ርዕስ አለው። የተላለፈው ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2009 ነው፣ ሱፐር ቦውል የሚባለው የአሜሪካ ፉትቦል የፍጻሜ ጨዋታ እንዳለቀ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ያን ሌሊት ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ የነበረው ብዙ ሰው ኳስ ሊያይ የመጣ ነው፤ ድዋይትን አያውቀውም፣ ማይክልን አያውቀውም። ጸሐፊው ፖል ሊበርስቲን ለዚህ እንግዳ ሁሉ ሰዎቹን ማስተዋወቅ ነበረበት፤ ያውም ሳያሰለች። መፍትሔው የድዋይት አጭር ንግግር ሆነ።

ንግግሩ የሚሠራውን እንቁጠር። ምን ሊፈጠር እንደሆነ ይነግረናል። ለምን እንደሚፈጠር ይነግረናል። ድዋይት ምን ዓይነት ሰው እንደሆነም ይነግረናል፤ ይህንን ግን እሱ አላሰበበትም። እሱ የነገረን መስሎት የነበረው ስለ ማስተማር ዘዴ ነው። «ጥፋቱ የኔ ነው» ሲል እኛ ለአፍታ ትሑት ሰው ነው ብለን እናስባለን፤ ከዚያ የጥፋቱ ማረሚያ ቢሮ ማቃጠል ሆኖ ይገኛል። በተራ ሲትኮም ይህን ለማስረዳት ድዋይት አንድ ጓደኛ ያስፈልገው ነበር፤ «ምን ልታደርግ ነው?» ብሎ የሚጠይቀው። ጓደኛው ደግሞ ሰምቶ ዝም ካለ ተባባሪ ይሆናል፣ ካስቆመው ቀልዱ ያልቃል። ካሜራው ግን ሰምቶ ዝም የሚል ጓደኛ ነው።

አሁን ንግግሩን አውጥተን እናስበው። ቢሮው ጸጥ ብሏል፣ ድንገት ጭስ ይገባል፣ ሰው ይጮኻል። እኛም ከሰዎቹ ጋር እንደነግጣለን። በመጨረሻ ድዋይት ወጥቶ «ልምምድ ነበር» ይላል። አንድ ሳቅ እናገኛለን፣ መጨረሻው ላይ። ከንግግሩ ጋር ግን እያንዳንዱ ጩኸት ለእኛ ሳቅ ነው፤ ምክንያቱም ሰዎቹ የሚሸሹት አደጋ እነሱ የሚያስቡት ዓይነት እንዳልሆነ እናውቃለን። ድዋይት ርችት ለኩሶ ይወረውራል፤ እኛ አይተነዋል። ባልደረባው አንዲ ግን አላየም። ስለዚህ በሙሉ እምነት «እሳቱ እየተኮሰብን ነው!» ብሎ ይጮኻል። ይህች ዓረፍተ ነገር የምታስቀው አንዲ ሞኝ ስለሆነ ብቻ አይደለም። በያዘው መረጃ መሠረት ልክ ነው። መረጃውን የያዝነው እኛ ነን።

ይህ የቶኪንግ ሄድ አንድ አጠቃቀም ነው፤ አስቀድሞ መንገር። በጣም የታወቀው አጠቃቀም ሌላ ነው። ሰውየው ስለ ራሱ አንድ ነገር ይላል፣ ከዚያ ወደ ቢሮው እንቆርጣለን፣ ያለው ሁሉ ውሸት ሆኖ እናየዋለን። አንዳንዴ መቁረጥም አያስፈልግም። በመጀመሪያው ክፍል ማይክል «የዓለም ምርጥ አለቃ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ኩባያ ለካሜራው ያሳያል። ሠራተኞቹ የሰጡት ስጦታ ነው ብለን ልናስብ ስንል ከየትኛው ሱቅ እንዳገኘው ይነግረናል። አለቀ። ማንም አላጋለጠውም። ራሱን ያጋለጠው በኩራት ነው። የድዋይትም ንግግር ከዚህ ዘር ነው፤ ሁለቱም ለካሜራው የሚናገሩት ጥሩ መስለው ለመታየት ነው፣ ሁለቱም ስለሚሰማቸው ሰው ያላቸው ግምት ስህተት ነው።

አሁን ጭሱ ገብቷል። ካሜራው የት ነው ያለው?

ከሰዎቹ ጋር፣ እዚያው በሩ የተዘጋበት ቢሮ ውስጥ። የክፍሉ ዳይሬክተር ጄፍሪ ብሊትዝ ነበር። ብሊትዝ ከዚህ በፊት የሚታወቀው በእውነተኛ ዶክመንተሪ ነው፤ ስለ ልጆች የፊደል ውድድር የሠራው ፊልም ለኦስካር ታጭቶ ነበር። በዚህ ክፍል ደግሞ የኤሚ ሽልማት አግኝቷል። ለዓመታት የተከታታዩን ካሜራ የመራው ራንዳል አይንሆርንም ከሪያሊቲ ፕሮግራም፣ ከ«ሰርቫይቨር» የመጣ ሰው ነው። ይህን የማነሳው ስም ለመደርደር አይደለም። ሁለቱም ሰው ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ ሳያውቁ መቅረጽን የተማሩት እውነተኛ ሰው ላይ ነው። የዚያ ልምድ ምልክት ደግሞ መንቀጥቀጡ አይደለም፤ ካሜራ ማንቀጥቀጥ ለማንም አያቅትም። ምልክቱ መዘግየቱ ነው።

በእውነተኛ ዶክመንተሪ ካሜራማኑ ድምፅ ይሰማል፣ ይዞራል፣ ይፈልጋል፣ ያገኛል፣ ከዚያ ዙም ያደርጋል። ድምፁ ቀድሞ ምስሉ ይከተላል። በሞኪዩመንተሪ ካሜራማኑ ስክሪፕቱን አንብቧል፤ ከሠራተኞቹ አንዷ አንጀላ መቼ መሳቢያ እንደምትከፍት ያውቃል። ግን እንዳላወቀ መሆን አለበት። ያቺ ግማሽ ሰከንድ የማትሞላ መዘግየት ለተመልካቹ «ይህ አልተዘጋጀም» ትለዋለች። ለቀልዱ ደግሞ ሌላ ነገር ታደርጋለች፤ ነገሩን ያገኘነው እኛ ራሳችን እንዲመስለን ታደርጋለች። ሰው ያሳዩትን ቀልድ ከሚወደው ይልቅ ራሱ ያገኘውን ቀልድ ይወዳል።

የድመቷን ነገር እንይ። ኦስካር የተባለው ሠራተኛ እርዳታ ሊጠራ ኮርኒሱን ከፍቶ ይወጣል። አንጀላ ከፋይል መሳቢያ ውስጥ ድመት ታወጣለች። መሥሪያ ቤት ድመት ደብቃ እንደምታስቀምጥ በዚህ መንገድ ሰማን፤ ማስተዋወቂያ የለ፣ ማብራሪያ የለ። ከዚያ ድመቷን ወደ ኦስካር ወደ ላይ ትወረውራለች። ድመቷ ጉድጓዱ ውስጥ ትገባለች። ቀጥሎ ድመቷ በሌላ በኩል ኮርኒሱን በስታ ትወድቃለች።

ይህ በካርቱን ቢሠራ ከኮርኒሱ በላይ ያለውን ያሳዩን ነበር፤ ኦስካር ሊይዛት ሲሞክር፣ ስትስት፣ ስትንሸራተት። የቢሮው ካሜራ ግን ወደዚያ መሄድ አይችልም። ሰው የተሸከመው ነው፤ ሰውየው መሬት ላይ ቆሟል። ስለዚህ የቀልዱ መሃል ክፍል ተሰወረብን። ያየነው መጀመሪያውንና መጨረሻውን ብቻ ነው፣ መሃሉን በሐሳባችን ሞላነው። የመሣሪያው አቅም ማነስ ራሱ ቀልዱን ጻፈው ማለት ነው። ሞኪዩመንተሪ ላይ ጥሩ ጸሐፊ የሚለየው እዚህ ጋ ይመስለኛል፤ ካሜራው ማየት የማይችለውን ነገር ያውቃል፣ ትልቁን ሳቅም እዚያ ይደብቃል።

ሌሎቹን በችኮላ እናልፋለን፣ ክፍሉም በችኮላ ነው ያለፋቸው። ኬቨን የመክሰስ መሸጫውን ማሽን ሰብሮ ብስኩት ይለቅማል። ሁልጊዜ ዳር ቆሞ በሌሎች የሚስቀው ጂም እንኳ ከአንዲ ጋር ኮፒ ማሽን እየገፋ በር ሊሰብር ይሞክራል። ማይክል ሰው ሁሉ እንዲረጋጋ ያዛል፤ ከሁሉም ያልተረጋጋው እሱ ነው። እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፤ ጂም በተለመደው ቀን አንድ ሞኝ ነገር ሲሰማ በሌንሱ በኩል ቀጥ ብሎ ያየናል። ያቺ እይታ ያለ ቃል የተሰጠች ቶኪንግ ሄድ ናት፤ «ሰማችሁ አይደል?» እንደማለት። በእሳቱ ጊዜ ግን የቀልዱ አካል የሆነው እሱም ነው፤ የሚያየው ተመልካች ሳይሆን የሚሮጥ ሰው።

በዚህ ትርምስ መሃልም ወደ ቶኪንግ ሄድ አንመለስም። ይህ ትክክለኛ ውሳኔ ነው። ቶኪንግ ሄድ ሁልጊዜ ሰዓት ያቆማል፤ ሰውየው ተቀምጦ ካወራ ከእሳቱ ተርፏል ማለት ነው። ኦስካር መሃል ላይ «ያን ቀን ኮርኒስ ላይ ስወጣ…» ብሎ ቢተርክ ሩጫው ይበርድ ነበር። ደግሞም የምናውቀውን ነገር መልሶ ይነግረን ነበር። ድዋይት አስቀድሞ ነግሮናል፣ በቂ ነው።

መጨረሻው ላይ ድዋይት ልምምድ እንደነበር ያውጃል። ከሠራተኞቹ አንዱ ስታንሊ ደረቱን ይዞ ይወድቃል። የልብ ድካም። ሳቃችን ጉሮሯችን ላይ ይቆማል፤ ምስጢሩን የምናውቅ እኛም ነበርንና። የክፍሉ ቀሪ ታሪክ የሚቀጥለው ከዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ አለ፤ ሁሌ የሚረብሸኝ። የዶክመንተሪው ቡድን ለምን ዝም አለ? ድዋይት ሊያደርግ ያለውን በጆሯቸው ሰምተዋል፣ በዓይናቸው አይተዋል። አንድ ሰው ሊሞት ነበር። በእውኑ ዓለም ካሜራማኑ ካሜራውን አስቀምጦ «ኧረ ተው» ይላል። ሞኪዩመንተሪ ለዚህ መልስ የለውም፤ ያለው ውል ነው። ተመልካቹ ይህን ጥያቄ አይጠይቅም፣ እነሱ ደግሞ በፍጥነት ይሄዳሉ። ቀልዱ ቶሎ ቶሎ ከመጣ ውሉ ይጸናል። ከዘገየ ተመልካቹ ማሰብ ይጀምራል፣ ካሰበ ደግሞ ካሜራማኑን ያያል። በ2009 የጀመረው «ሞደርን ፋሚሊ» ይህን ጣጣ ጨርሶ ሸሸው፤ ሰዎቹ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ለካሜራ ያወራሉ፣ ማን እንደሚቀርጻቸው ግን አይነገረንም። እኔ ይህ ትንሽ ያጎድላል ባይ ነኝ። የሚቀርጽ ሰው ከሌለ የሚያፍሩበት ሰው የለም፤ የማይክል ኩራት የሚያስቀው የሚኮራበት እንግዳ ሰው ፊት ለፊቱ ስላለ ነው።

«ዘ ኦፊስ» ውሉን አውቆ የነካካባቸው ጊዜያት አሉ። ኤፕሪል 28 ቀን 2011 በወጣው ክፍል ማይክል ስክራንተንን ለቆ ሲሄድ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ማይክሮፎኑን ከልብሱ ነቅሎ ለቡድኑ ይመልሳል። ከዚያ በኋላ የሚለውን አንሰማም። ባልደረባው ፓም ሮጣ ደርሳ ታቅፈዋለች፣ ይነጋገራሉ፣ ምስል ብቻ። ለዓመታት ረስተነው የነበረው ትንሽ ዕቃ ሲነሳ ጆሯችን አብሮ ተነሳ። በመጨረሻው ሲዝን፣ በ2013፣ ደግሞ ፓም ስታለቅስ ማይክሮፎን ያዡ ራሱ ሊያጽናናት ወደ ምስሉ ይገባል። ብዙ ሰው ይህን አልወደደውም። እኔ ራሱን ሐሳቡን አልጠላሁትም፤ ስታንሊ ሲወድቅ ያልገባ ሰው አሁን መግባቱ ግን ከነከነኝ።

የራሴን ውድቀትም ልናገር፣ ስለ መዘግየቱ ያልኩትን ከዚያ ነው የተማርኩት። ከጓደኞቼ ጋር አጭር ሞኪዩመንተሪ ለመሥራት ሞክረን ነበር። ስክሪፕቱ ስናነበው አስቆን ነበር። ተቀርጾ ስናየው ማንም አልሳቀም። ካሜራው ይንቀጠቀጣል፣ ቃለ ምልልሱም አለ፣ ሁሉም በቦታው ነው። ሁለት ቀን ካፋጠጥነው በኋላ ገባን። ካሜራማናችን ጎበዝ ስለነበር እያንዳንዱ ሰው አፉን ከመክፈቱ በፊት ፊቱ ላይ ደርሶ ይጠብቀው ነበር። ተዋናዩ ከመናገሩ በፊት ቀልድ እንደሚመጣ ፍሬሙ ይነግራል። ቃለ ምልልሶቻችንም ሁሉ ቢሮ ውስጥ የሆነውን መልሰው የሚተርኩ ነበሩ፤ የሚቃረን፣ የሚዋሽ፣ አስቀድሞ የሚያጋልጥ አንድም የለም። እንደገና ስንቀርጽ ካሜራማኑን ስክሪፕት ነጠቅነው። ግማሹን ነገር ሳተው። ካገኘው ግማሽ ውስጥ ግን ሦስት ቦታ ሰው ሳቀ።

ከእሳቱ ጋር አብሬ የማየው አንድ ሌላ ትዕይንት አለ፤ እሳቱን ገልብጦ የሚያሳይ ስለሆነ። ሜይ 17 ቀን 2007፣ የሦስተኛው ሲዝን መዝጊያ። የቶኪንግ ሄድ ዋናው ሕግ ማንም አለመግባቱ ነው። ቃሉ የሚሰጥበት ክፍል የምስጢር ክፍል ነው፤ ድዋይትም በነጻነት የነገረን ሌላ ሰው ስለማይሰማው ነው። ምስጢር ከዚያ ወደ ቢሮው ይወጣል እንጂ ከቢሮው ወደዚያ የሚገባ ነገር የለም። ለሦስት ሲዝን ይህ ሕግ አንዴም ትኩረታችንን ሳይስብ ሠርቷል።

ፓም ተቀምጣ ስለ እሷና ስለ ጂም፣ ስላልተሳካው ፍቅራቸው፣ ለካሜራው ታወራለች። ጊዜው እንዳልገጠመላቸው፣ ምናልባትም እንደማይሆን፣ እሷም ደህና እንደምትሆን። ረጋ ብላ ነው። እኛም እናምናታለን፣ ቃለ ምልልስ ላይ የሚባል ነገር ያለቀ ነገር ነውና። በዚህ መሃል በሩ ይከፈታል። ጂም ነው። ይቅርታ ይጠይቅና ዛሬ ማታ ለእራት ጊዜ እንዳላት ይጠይቃታል። «አዎ» ትላለች። እንግዲያው ቀጠሮ ነው ብሎ በሩን ዘግቶ ይሄዳል።

ፓም ወደ ካሜራው ትዞራለች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፣ ፈገግታዋን መሰብሰብ አልቻለችም። ያን ሁሉ ጊዜ ከካሜራው ጀርባ ተቀምጦ ድምፁን እምብዛም የማንሰማውን ጠያቂ «ይቅርታ፣ ጥያቄው ምን ነበር?» ትለዋለች።